እማዬ «ምግብ ነፈገችኝ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ እየጠላኋት ነው

እንቅልፍ ያጣች | ማክሰኞ፣ ሌሊት 8፡40

ይህን የምጽፈው እማዬ ከተኛች በኋላ ነው፤ መቼ እንደምትነቃ አላውቅምና በአጭሩ ልበለው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ስትሮክ መታት። 71 ዓመቷ ነው። የተጎዳው የአንጎሏ ቀኝ በኩል ነው አሉን፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም። ንግግሯ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ትናገራለች። ሁለት ልጆች ነን። ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፣ እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላል። እኔ የሒሳብ ሠራተኝነቴን ለቅቄ አብሬያት ነኝ።

ያስመረረኝ ልፋቱ አይደለም። ማገላበጡን፣ ማጠቡን፣ ዳይፐር መቀየሩን ለምጄዋለሁ። ያቃጠለኝ ምግቡ ነው። እንጀራ በሳህን ዘርግቼ፣ በአንድ በኩል ሽሮ በሌላው በኩል አልጫ አድርጌ አቀርብላታለሁ። ግማሹን ትበላና እጇን ትሰበስባለች። «በቃሽ?» ስላት «ምን ሰጥተሽኝ ነው የሚበቃኝ» ትለኛለች። ግማሽ እንጀራ ከነወጡ ፊቷ ተቀምጦ! ባለፈው እሑድ ወንድሜ ሲደውል «ይህች ልጅ በረሃብ ልትጨርሰኝ ነው፤ አልጫ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ» አለችው። እሱ ትንሽ ዝም አለና «እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሷ ንግግር ይልቅ የእሱ አጠያየቅ ነው ያንገበገበኝ።

ሌሊቱን ደግሞ «የት ሄድሽ? ጥላኝ ሄደች!» እያለች ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ትጣራለች። አልጋዬ ከአልጋዋ ጎን ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ስትጣራ አልመለስኩላትም። ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እሷ «ልጄ፣ ልጄ» ስትል እኔ ዝም። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። በዚያ ሰዓት በልቤ ያለፈውን አልጽፈውም፤ ያስታመመ ሰው ይገባዋል። ጠዋት ፊቷን ሳጥባት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ አፍ አውጥቼ መናገር አልቻልኩም።

እናቱን እያስታመመ የጠላ ሰው እዚህ አለ?

የድሮ ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ነገር ግን «ጠላሁ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። ዘጠኝ ወር የተሸከመችሽ እናት ናት። የታመመ ሰው ይነጫነጫል፤ ችሎ ማለፍ ነው። እኛ ወላጆቻችንን ስናስታምም «ሰለቸኝ» የሚል ቃል አናውቅም ነበር። ምርቃቷን ተቀበዪ፤ የሚቀርልሽ እሱ ነው።

ማርና ሬት | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በእርስዎ ጊዜ ወላጅ ሲታመም ቤት ውስጥ ስንት ሴት ነበረች? የእኔ አያት አልጋ ላይ ሲወድቁ እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼ፣ የአጎቴ ሚስትና ጎረቤቶች ይፈራረቁ ነበር። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው «እንዴት አደሩ?» ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። «ሰለቸኝ» የሚል ቃል ያልሰሙት ጓዳ ስላልገቡ ይሆናል።

አንቺ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እናቴን አራት ዓመት አስታምሜ ነው የቀበርኳት። የሞተች ዕለት ድንኳኑ እየተተከለ እኔ ጓዳ ገብቼ ተኛሁ። ሰው «ሐዘኑ ጣላት» ብሎ ውኃ ረጨብኝ። ሐዘን አልነበረም፤ እንቅልፍ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከሳሪስ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ቦታ እየፈለግሽ ከሆነ መቄዶንያን ጠይቂ። አረጋውያንን ይቀበላሉ።

እንቅልፍ ያጣች | ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

ቦታ አልጠየቅኩም። መቄዶንያ ደግሞ ሰው ለሌላቸው፣ መንገድ ላይ ለወደቁ ነው። እሷ እኔ አለኋት።

ባለ መነጽር | ረቡዕ፣ ቀን 7፡45

ነገሩ ዓይን ነው። አጎቴ ከስትሮክ በኋላ እንደዚሁ ሆኖ ነበር፤ በአንድ በኩል ያለው በር አይታየውም፣ ይጋጭ ነበር። የዓይን ሐኪም ጋ ውሰጃትና መነጽር ይዘዝላት። እናንተ ስለ ጥላቻና ስለ ምርቃት ትከራከራላችሁ፤ ሴትዮዋ ሳህኑ አልታያትም።

ጉልበትና ትዕግሥት | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡15

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄድኩ ነው የምሠራው። ምክር ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የሚተርፈው ግማሽ እንጀራ፣ በእሷ በኩል ሆነሽ ስታዪው ሁልጊዜ የትኛው ግማሽ ነው? ሁለተኛ፣ የአንቺ አልጋ በየት በኩሏ ነው?

እንቅልፍ ያጣች | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡50

ሄጄ አየሁት። ራት የተረፈው ግራው ነው። አልጫውንም ሁልጊዜ በግራ ነው የማደርገው፤ አቀራረቡን ከእሷው ነው የወረስኩት። አልጋዬም በግራዋ ነው። በቀኟ ግድግዳ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ የለም። ለምን ጠየቅሽኝ? ልቤ እየመታ ነው።

ጉልበትና ትዕግሥት | ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡40

እንደጠረጠርኩት ነው። ተረጋግተሽ አንብቢኝ።

የአንጎል ቀኝ ክፍል ክፉኛ ሲጎዳ አንዳንድ ሰው ላይ ከሽባነቱ በላይ አንድ ነገር ይደርሳል፦ የግራው ዓለም ከሐሳቡ ይጠፋል። ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ አንጎሉ «ግራ የሚባል ወገን አለ» ብሎ አይፈልገውም። ቀኝ ጉንጩን ብቻ ተላጭቶ «ጨረስኩ» የሚል ሰው አይቻለሁ። የገዛ ግራ እጇን ይዛ «ይህ የማን እጅ ነው? አንሡልኝ» ያለችኝ እናት አለች። ስለዚህ እናትሽ «ምን ሰጥተሽኝ ነው የሚበቃኝ» ስትል አትዋሽም፤ በእሷ ዓለም ሳህኑ ላይ የነበረው ያ ብቻ ነው። አልጫውም በእውነት አልመጣላትም።

ባለ መነጽር ግማሹን አግኝተውታል። ከስትሮክ በኋላ የዕይታ አንድ ጎን የሚጠፋበት አለ፤ ሁለቱ አብረውም ሊመጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ግን ይኸውላችሁ፦ የማየት ችግር ብቻ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ እንደሚጎድለው ስለሚያውቅ አንገቱን አዙሮ ይፈልጋል። የእሷ ዓይነቱ አይፈልግም፤ የጎደለ ነገር ያለ አይመስላትምና። ተራ መነጽር ለሁለቱም አይሠራም።

እቤት ልትሞክሪው ትችያለሽ። አንድ ክንድ የሚሆን ገመድ ከፊቷ አግድም ወጥሪ፤ መካከሉ ከደረቷ ትክክል ይሁን። «መካከሉን በጣትሽ አሳዪኝ» በያት። ደህና ሰው ከመካከሉ ብዙ አይርቅም። እሷ ወደ ቀኝ ርቃ ካሳየችሽ ለሐኪሟ የምትነግሪው ነገር አገኘሽ ማለት ነው።

ምግቡን «በቃኝ» ስትል አታንሺው፤ ሳህኑን ግማሽ ዙር አዙሪላት። ከዚያም ቀስ በቀስ አስተምሪያት፤ በሳህኑ ግራ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ አስቀምጪና ከመብላቷ በፊት «ቀዩን አግኚው» በያት። ጭንቅላቷን እያዞረች እስክታገኘው ጠብቂ። አትቆጪያት፣ «እዚህ እኮ ነው!» ብለሽ አትጩኺ፤ የማታውቀውን ነገር እንዳወቀች መጠየቅ ነው የሚሆንባት። ከዓመት በኋላ ብዙ ለውጥ እንደሚመጣ ግን ቃል አልገባልሽም። በብዛት የሚሻላቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ የቀረው በዝግታ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በቀኟ ግድግዳ፣ በግራዋ አንቺ። ሌሊት ስትነቃ የምታየው ግድግዳ ነው፤ አንቺ ለእሷ በሌለው ወገን ተኝተሻል። «የት ሄድሽ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

እንቅልፍ ያጣች | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

አንድ ክንድ ርቄ ተኝቼ ብቻዬን ነኝ ብላ ነው የምታድረው ማለት ነው? ያን ሌሊትም? ይህን ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። ትናንት የተበደልኩ ነበርኩ፤ ዛሬ በዳይ ሆንኩ።

የድሮ ሰው | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

የኔ ልጅ፣ የትናንቱን ቃሌን መልሻለሁ። እውነት ለመናገር አባቴን ያስታመመችው ባለቤቴ ናት። ዛሬ ጠዋት ይህን ሳነብላት «አባትህስ ሌሊት ስንቴ ይነሡ እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር።

ከጅዳ | ሐሙስ፣ ቀን 8፡20

እኔ በዚያኛው ወገን ያለሁት ነኝ፤ ገንዘብ ላኪው። አባቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እህቴ ትወስደዋለች፣ እየጠበቀች ትመልሰዋለች። ስደውል «ደህና ነን፣ አታስብ» ትላለች። አታስብ ባለችኝ ቁጥር ከቤቱ የተባረርኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ስላት «አንተ ባንክ ነህ፣ ላክና ዝም በል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አልተነጋገርንም። ወንድምሽ «እንዴት ነው ነገሩ?» ያለው አንቺን ጠርጥሮ ላይሆን ይችላል። ከሩቅ ሲሆን የሚጠየቅ ጥያቄ ይጠፋል።

ማርና ሬት | ሐሙስ፣ ቀን 9፡00

ጥያቄ ከጠፋ «ማን ያሳርፍሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እህትህንም እንደዚያ ብለህ ጠይቃት።

ከጅዳ | ሐሙስ፣ ቀን 9፡25

ባልኳትስ? ከዚህ ሆኜ ማንን ልላክላት? ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ነው የሌለኝ።

ጉልበትና ትዕግሥት | ሐሙስ፣ ምሽት 2፡10

ለእንቅልፍ ያጣች፦ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ አልጋውን ሳታንቀሳቅሺ ራስጌዋን ወደ ግርጌ አዙሪ። ግድግዳው በግራዋ ይሆናል፣ ክፍሉና አንቺ በቀኟ ትሆናላችሁ። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። ግራ እጇ በሰውነቷና በግድግዳው መካከል ተጠፍጥፎ ሊያድር ይችላል፤ እሷ አትነግርሽም፣ ስለዚህ ትራስ ላይ አሳርፊው። ሌላው፣ ደህናው ጎኗ ወደ ክፍቱ በኩል ስለሚዞር እግሯን አውርዳ ለመነሣት ትሞክር ይሆናል። እግሯ እንደማይሠራ አምና ካልተቀበለች ትወድቃለች። አልጋው ዝቅ ያለ ይሁን፣ የአንቺም ከጎኑ ገጥሞ ይቀመጥ።

እኛ ስንማር ክፍሉን በግራዋ አድርጉት፣ ተገድዳ ትዞራለች ይባል ነበር። ዛሬም እንደዚያ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን በጨለማ አልስማማም። ቀን ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንግዳው፣ ሬዲዮው፣ ቡናው በግራዋ ይሁን፤ ጀበናውና ትኩስ ነገር ብቻ ከዚያ እጇ ይራቅ፣ ቢያቃጥላት ላታውቀው ትችላለች። ሌሊት ግን ትረፍ፣ አንቺም ተኚ።

አንድ ነገር ልጨምር። አልጋው ዞሮም ድንገት ከወትሮው የባሰ መጣራት ወይም መቃዠት ከጀመረች «ያው ልማዷ ነው» ብለሽ አትለፊው። በዚህ ዕድሜ የሽንት ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በመቃዠት ብቻ ሊታይ ይችላል፤ አስመርምሪያት።

እንቅልፍ ያጣች | ሰኞ፣ ምሽት 4፡30

አራት ቀን ሆነ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ገመዱን ሐሙስ ማታ ሞከርኩት። የነጠላዬን ጥለት ወጥሬ ያዝኩላት። ጣቷን ከመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ቀኝ አሳርፋ «ይኸው» አለችኝ፣ ያለ ምንም ጥርጥር። ሁለቴ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ዓርብ ምሳ ላይ ግማሹን በልታ እጇን ስትሰበስብ ምንም ሳልል ሳህኑን አዞርኩት። አየችው፤ እኔን አየችኝ። «አሁን ገና አመጣሽልኝ?» ብላ አልጫውን ጠራርጋ በላች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አልተደሰትኩም። ተናደድኩ። ማንም አልነገረኝም። ሆስፒታል ስንወጣ ስለ ክኒኑና ስለ ግፊቱ ነገሩን፤ ስለ ሳህኑ የነገረኝ የለም። ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት «ሆን ብላ ታሳጣኛለች» እያልኩ ጠላሁ፤ ያቺ ሴት ግን አልነበረችም።

አልጋዋን ዓርብ ማታ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሆነን ራስጌውን አዞርን። የዚያን ሌሊት አምስት ጊዜ ጠራችኝ፣ ቅዳሜ አራት፣ ትናንት ሦስት። በመካከሉ አንዴ ነቅቼ ስመለከታት ዓይኗን ገልጣ እያየችኝ ነው፤ አልጠራችኝም። «ምነው እማዬ?» ስላት «አንቺ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበር የምታድሪው?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ወንድሜን እሑድ ሲደውል ስልኩን ሳህኑ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ግማሹን ስትበላ፣ እጇን ስትሰበስብ፣ እኔ ሳዞረው። ከዚያ እሱ ብዙ ዝም አለ። «አንቺን አልጠረጠርኩም ነበር» አለ። ምናልባት እውነቱን ነው፤ ማመኑ ግን ገና አልመጣልኝም። በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድርላት ሴት እንድፈልግ፣ ክፍያውን እሱ እንደሚችል ነገረኝ። እየፈለግኩ ነው፤ እማዬ ግን ከአሁኑ «ባዳ ሰው አይነካኝም» ብላለች።

ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴቱ አልሄደም። ዛሬ ጠዋት ዳይፐር ቀይሬላት እንደጨረስኩ ድጋሚ ሲበላሽ ጥርሴን ነክሻለሁ። ይህ ከሳህኑ ጋር አይገናኝም፤ የራሴ ነው።

ማርና ሬት | ሰኞ፣ ምሽት 4፡50

ጥርስ መንከስማ ይኖራል። እኔ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄጄ ነበር የምነክሰው። የምታድር ሴት ስትፈልጊ እማዬን አስቀድመሽ አታስፈቅጃት፤ መጀመሪያ ለቡና ትምጣና ትላመዳት።

የድሮ ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

የንስሐ አባትሽን ነገር ግን አትተዪው። የምትነግሪያቸው ነገር ከሰሙት ሁሉ የከፋ አይሆንም።

እንቅልፍ ያጣች | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

እነግራቸዋለሁ፣ አባቴ። የትኛውን ኃጢአት ብዬ እንደምጀምር ብቻ አላወቅኩም። ያኔ የጠላኋትን ነው ወይስ አሁን ስሕተት መሆኑን እያወቅኩ የምናደደውን?

ባለ መነጽር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ጉልበትና ትዕግሥት፣ ስለ መነጽሩ ተሸንፌያለሁ። አጎቴ ግን አንገቱን ያዞር ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ። አንድ ጥያቄ፦ የሚስቴ እናት ሽባ የሆኑት በቀኝ ጎናቸው ነው፤ የእሳቸውንም ሳህን እናዙረው?

ጉልበትና ትዕግሥት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡30

በቀኝ ሲሆን ይህ ነገር ከግራው ያነሰ ነው፣ ከመጣም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ንግግር ነው። ቃል ይጠፋባቸዋል? «ውኃ» ሊሉ ፈልገው ሌላ ይላሉ? እንደዚያ ከሆነ ሌላ ክር ክፈቱና ለብቻው እንነጋገርበት፤ እሱም የራሱ የሆነ ጠብ ያመጣል።